«ዱን ዱን የምትለዋ» ሲሉት ጊታሪስቱ ምን ይሰማል?

ጊታር የሚጫወት ጓደኛ ያለው ሰው አንድ ቀን ይህን ጥያቄ ማቅረቡ አይቀርም፦ «ያቺ መጀመሪያዋ ላይ ጊታሩ ዱን ዱን ዱን የሚልባት ዘፈን ማን ነበረች?» ጓደኛው ጊታሩን አንስቶ አንዷን ይሞክራል። «አይ፣ ከሷ ጠንከር ትላለች።» ሌላ ይሞክራል። «እሷም አይደለችም። በጣም ታዋቂ ናት እኮ፣ ብትሰማት ታውቃታለህ!» እንዲህ እየተባባሉ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

ጠያቂው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ዘፈኑ በጭንቅላቱ ውስጥ ከነከበሮው ከነድምፃዊው እየተጫወተ ስለሆነ ያቺ «ዱን ዱን» ሁሉንም የተናገረች ይመስለዋል። በ1990 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤልዛቤት ኒውተን የምትባል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ይህንኑ ፈትናው ነበር። አንዱ ሰው የታወቀ ዘፈን ምት ጠረጴዛ ላይ በጣቱ ይመታል፣ ሌላው የትኛው ዘፈን እንደሆነ ይገምታል። መቺዎቹ ግማሽ ያህሉ እንደሚታወቅላቸው ተስፋ አድርገው ነበር። ከተመቱት 120 ዘፈኖች የታወቁት ግን ሦስት ብቻ ናቸው። መቺው ሙሉ ዘፈን ሲሰማ አድማጩ የሰማው ኳኳታ ነው።

እንግዲህ ለተጫዋች ምን ቢነግሩት ይገባዋል? «ደስ የምትል»፣ «ከበድ የምትል»፣ «የሮክ ዓይነት» የሚሉት ቃላት እጁን የትም አያደርሱትም። እሱ የሚፈልገው ድምፁ መቼ ከፍ፣ መቼ ዝቅ እንደሚል፣ የቱ ረዘም የቱ አጠር እንደሚል፣ የት ጋ ዝም እንደሚባል ነው። ሪፍ የሚባለው፣ ማለትም ዘፈኑን የሚከፍተውና እየተመላለሰ የሚመጣው አጭር የጊታር ሐረግ፣ የሚታወቀው በእነዚህ ነው። በየትኛው ቁልፍ እንደተቀዳ መናገር አያስፈልግም። ጎርናና ድምፅ ያለው ሰውም ቀጭን ድምፅ ያላት ሴትም ቢያንጎራጉሩት ሪፉ ያው ራሱ ነው።

አንዱን እስከ መጨረሻው እንሂድበት። ዲፕ ፐርፕል በ1972 ያወጡት «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» ጊታር የጀመረ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሞክረው ነው፤ የጊታር መሸጫ ባለቤቶች ሊሰሙት እንኳን አይፈልጉም ይባላል። ሪፉ አሥራ ሁለት ድምፆች አሉት፣ በሦስት ትንፋሽ ይባላሉ። የመጀመሪያው ትንፋሽ ሦስት ድምፅ ነው፦ ከታች ተነስቶ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ይወጣና ሦስተኛው ላይ ትንሽ ይቆያል። ሁለተኛው ትንፋሽ እንደገና ከታች ተነስቶ ይወጣል፣ ነገር ግን በዚህ ጊዜ ቅድም ከቆመበት በግማሽ ድምፅ አልፎ ይሄድና ወዲያው ወደዚያው ይመለሳል። ሦስተኛው ትንፋሽ መጀመሪያውን ይደግምና በወጣበት መንገድ ወርዶ መነሻው ላይ ያርፋል። ጊታሪስቶች በፍሬት ቁጥር ሲጽፉት 0 3 5፣ ከዚያ 0 3 6 5፣ ከዚያ 0 3 5 3 0 ነው፤ ዜሮው ክሩ ሳይያዝ ክፍት ሲመታ ነው።

ይህን ብቻ የሰማ ጊታሪስት አብዛኛውን ጊዜ ያውቃታል። ግን እግርዎን መሬት ላይ እየመቱ ቢያንጎራጉሩት አንድ ተጨማሪ ነገር ያገኛሉ። የመጀመሪያው ትንፋሽ ሦስት ድምፆች ከእግርዎ ጋር እኩል ይወድቃሉ። የሁለተኛው ትንፋሽ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ድምፆች ግን እግርዎ አየር ላይ ሳለ ነው የሚመጡት፤ እግሩንና ዜማውን የሚያገናኛቸው የመጨረሻው ረጅም ድምፅ ነው። «መጀመሪያው ከምቱ ጋር፣ ሁለተኛው በምቶቹ መሃል» ቢሉት ተጫዋቹ ወዲያው ፊቱ ይበራል። እኩል እኩል አድርጎ ያንጎራጎረለት ሰው ግን፣ ድምፆቹ በሙሉ ልክ ቢሆኑም፣ የሰልፍ ዜማ ያስመስልበታል።

እኛ ደግሞ የራሳችን መለያ አለን። የሪፉ 0፣ 3 እና 5 ባቲ ማይነር ውስጥ የሚገኙ ድምፆች ናቸው፣ ስለዚህ ክራሩን በዚያ ቅኝት የቃኘ ሰው የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ትንፋሽ ያለ ችግር ይደረድረዋል። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግን ያቺ ስድስተኛ ፍሬት ላይ ያለችው ድምፅ ክራሩ ላይ የለችም። ዘፈኗን የምታስለየው ደግሞ እሷው ናት። ስለዚህ ሪፍ የሚገልጽ ሰው ከቅኝቱ ያፈነገጠ ድምፅ ከሰማ መጀመሪያ እሱን ይጥቀስ፤ «ሁለተኛው ላይ አንድ ወጣ ያለች፣ ቶሎ የምትመለስ ድምፅ አለች» የምትለው ዓረፍተ ነገር ከአሥር ዱን ዱን ትበልጣለች።

ድምፁ ከምን እንደሚወጣም መናገር ይጠቅማል። ሪቺ ብላክሞር ሪፉን የሚጫወተው ሁለት ክሮችን አንድ ላይ በጣቶቹ እየሳበ ነው፤ ሁለቱ ድምፆች እኩል ነው የሚነሱት። ብዙ ጀማሪ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ በፒክ ይመታውና «አንድ ነገር ይቀረዋል» ይላል። የሚቀረው ይህ ነው።

ከፍ እና ዝቅን ብቻ ይዞ ዘፈን መፈለግ ይቻላል ብሎ የተነሳ ሰውም ነበር። ዴኒስ ፓርሰንስ በ1975 ባሳተመው የዜማ ማውጫ ውስጥ እያንዳንዱን ዜማ «ከፊተኛው ከፍ፣ ዝቅ፣ ወይስ እኩል» በሚሉ ሦስት ምልክቶች ብቻ ጻፈው። ለክላሲካል ዜማዎች ጥሩ ይሠራል። የዲፕ ፐርፕሉም ከፍ፣ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ከፍ፣ ዝቅ፣ ዝቅ… እየተባለ ይጻፋል። ቤዝ ላይ ሲመጣ ግን ዘዴው ይከዳል፣ ምክንያቱም ቤዝ ጊታር አንድ ቦታ ቆሞ መምታት ይወዳል።

ኩዊንና ዴቪድ ቦዊ በ1981 የሠሩትን «አንደር ፕሬሸር» ያስታውሱ። የቤዝ ሐረጉ ሰባት ድምፅ ነው፦ ስድስቱ አንድ ዓይነት፣ ሰባተኛው ወረድ ያለ። በፓርሰንስ ዘዴ «እኩል፣ እኩል፣ እኩል፣ እኩል፣ እኩል፣ ዝቅ» ማለት ነው፤ በዚህ ዘፈን የሚለይ ጊታሪስት ካለ ጠንቋይ ነው። እዚህ ሥራውን የሚሠራው ርዝመቱ ነው። ረጅሙን «ዱም»፣ አጭሩን «ዱ» ብለን ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱዱ፣ ዱም፣ ዱም። አምስት ዱም፣ መሃላቸው የተጣደፉ ሁለት ዱ፣ የመጨረሻው ዱም ዝቅ ያለ። ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ እንደገና። ዝምታውን መዝለል የተለመደ ስህተት ነው። ሰው ሲያንጎራጉር ባዶውን ቦታ ይፈራውና ቶሎ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ሪፉ ሌላ ይሆናል። ቤዝ ለያዘ ሰው ደግሞ የመጨረሻውን ድምፅ «በዚያው ፍሬት፣ ቀጥሎ ባለው ወፍራም ክር» ማለት ይበቃል።

የባንዱ አባላት እንደሚሉት፣ ቤዚስቱ ጆን ዲከን ይህችን ሐረግ ካገኛት በኋላ ሁሉም ምግብ ሊበሉ ወጡ፤ ሲመለሱ ዲከን ረስቷታል። ያስታወሰው ከበሮ መቺው ሮጀር ቴይለር ነው። ሐረጓ በድምፅ ከፍታ ሳይሆን በምት የተሠራች ስለሆነች በከበሮ መቺ ጆሮ መቅረቷ አይገርምም። (ዘፈኑ የተቀዳው በስዊዘርላንዷ ሞንትሮ ከተማ፣ ካዚኖው ውስጥ በነበረ ስቱዲዮ ነው። «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» የሚናገረው ስለዚያው ቦታ ካዚኖ የ1971 ቃጠሎ ነው።)

ችግሩ በዚህ አያበቃም። ቫኒላ አይስ በ1990 «አይስ አይስ ቤቢ»ን ሲያወጣ የተጠቀመው ይህንኑ የቤዝ ሐረግ ነው። በኋላም ኩዊንና ቦዊ በደራሲነት ተመዝግበውበታል። ስለዚህ ሰባቱን ድምፆች በትክክል ገልጸው እንኳን ተጫዋቹ ሁለት ዘፈን ይዞ ሊጠይቅዎ ይችላል። የሚለያቸው ዙሪያው ያለው ነው። ከቤዙ በኋላ የሚመጣው ጭብጨባ፣ የጣት ፉጨትና ፒያኖ ከሆነ የፊተኛው ነው። ከበሮ ገብቶ ሰውየው ራፕ ከጀመረ የኋለኛው።

መሣሪያውን በተመለከተ ግን እርግጠኛ ሆነው አይናገሩ። «ቤዙ የሚያምር ዘፈን» እየተባለ ከሚፈለጉት አንዱ የዋይት ስትራይፕስ «ሰቨን ኔሽን አርሚ» (2003) ነው፤ ስታዲየም ውስጥ ደጋፊዎች «ኦ» እያሉ የሚዘፍኑት። እሱም ሰባት ድምፅ ነው። አንድ ረጅም፣ ያው ሲደገም አጭር፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ ከዚያ አራት ጊዜ በተከታታይ መውረድ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱም ረጃጅም ናቸው። ባንዱ ግን ቤዚስት አልነበረውም። ጃክ ዋይት ጊታሩን በእግር በሚረገጥ ፔዳል አንድ ኦክታቭ አውርዶ ነው የተጫወተው። «ወፍራም ድምፅ ነው» ማለት «ቤዝ ነው» ከማለት ይሻላል፤ አለበለዚያ ተጫዋቹ የቤዚስቶችን ሥራ ሲያገላብጥ ይውላል።

የአማርኛ ዘፈን ሲሆን ደግሞ የመለያው ቅደም ተከተል ይገለበጣል። ዜማው በአምስት ድምፅ ቅኝት ውስጥ ስለሚሽከረከርና ብዙው በችክችካ ምት ስለሚሄድ «ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል» ቢሉ መቶ ዘፈን ይመጣል። ቅኝቱን ያስቀድሙ፤ ስሙን ባያውቁት እንኳን የዚያው ቅኝት የሆነ ሌላ ዘፈን ጠርተው «እንደሷ ያለ» ይበሉ። ቀጥሎ መግቢያዋን የሚጫወተው ማን እንደሆነ ይናገሩ፦ ጊታር፣ ሳክስፎን፣ ኪቦርድ ወይስ ክራር። ከዚያ በኋላ ቤዙን ያንጎራጉሩ፣ እግርዎን እየመቱ፣ ዝምታውን ሳይዘሉ። በስልክ የድምፅ መልእክት የሚልኩ ከሆነ ሐረጉን ሁለት ጊዜ ይድገሙት፤ ተጫዋቹ የት አልቆ የት እንደሚጀምር የሚያውቀው ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ነው።