ሰርቪስ ያመለጠው ሰው ሦስት «ኢፎች»

የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሚያልፍበት አንድ ሠራተኛ አለ እንበል። ማታ ሊተኛ ሲል «ነገ በጊዜ ከወጣሁ እደርስበታለሁ» ይላል። ነገ ገና አልነጋም፤ ይወጣም ይሆናል፣ ይቀርም ይሆናል። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለውን ክፍት ጉዳይ በአንደኛው ኮንዲሽናል ይናገረዋል፦ «ኢፍ አይ ሊቭ ኧርሊ፣ አይ ዊል ካች ዘ ባስ»።

አማርኛ ተናጋሪ የሚደናቀፈው እዚሁ ነው። «ከወጣሁ» ውስጥ ያለው «ወጣሁ» የኃላፊ ጊዜ ግስ ስለሆነ፣ ስለ ነገ እያወራ «ሊቭ» በማለት ፈንታ «ሌፍት» ይላል። ይህን የፈራ ደግሞ ነገሩ የወደፊት ነው ብሎ «ኢፍ አይ ዊል ሊቭ» ይላል። በዚህ ዓረፍተ ነገር «ዊል» ቦታው ውጤቱ ላይ ነው።

ሰውየው ግን እንቅልፍ ወዳድ ነው፤ በጊዜ መውጣት አልለመደበትም። በየቀኑ በታክሲ ሰልፍ ለምን እንደሚጉላላ ሲጠየቅ «በጊዜ ብወጣ እደርስበት ነበር» ይላል፤ «ኢፍ አይ ሌፍት ኧርሊ፣ አይ ዉድ ካች ዘ ባስ»። «ሌፍት» እዚህ ትናንትን አያመለክትም። ነገሩ ከእውነታው የራቀ መሆኑን ነው የሚናገረው። ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም፤ የእኛም «ነበር» በዚህ ዓረፍተ ነገር ያው ሥራ ነው ያለው።

እንግዲህ አንደኛውንና ሁለተኛውን የሚለያቸው ጊዜ ሳይሆን የተናጋሪው ግምት ነው። አንድ ዓይነት የሎተሪ ቲኬት የያዙ ሁለት ሰዎች፣ ተስፈኛው «ከደረሰኝ» ሲል «ኢፍ አይ ዊን»፣ ተጠራጣሪው «ቢደርሰኝ» ሲል «ኢፍ አይ ዎን» ይላሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ሦስተኛው የሚመጣው ሰርቪሱ ካለፈ በኋላ ነው። «በጊዜ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ እደርስበት ነበር»፤ «ኢፍ አይ ሃድ ሌፍት ኧርሊ፣ አይ ዉድ ሃቭ ኮት ዘ ባስ»። አማርኛ እዚህ ላይ ለጋስ ነው፤ ስለ ትናንትም «ብወጣ እደርስበት ነበር» ብንል ሰሚው ከአገባቡ ይረዳናል። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፈንም። «ኖሮ» ብቻውንም አያድነንም፣ ምክንያቱም ስለ ዛሬም «ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ» የሚል ሰው ብዙ ነው። የተሻለው መፈተኛ በሁኔታው ላይ «ትናንት» ወይም «ዛሬ ጠዋት» የሚል ያለፈ ጊዜ ጨምሮ ማየት ነው። ከገባ «ሃድ» ያስፈልጋል። በርካታ ተማሪዎች «ዉድ ሃቭ»ን ሁለቱም ጎን ላይ ይደግሙታል፤ ከ«ኢፍ» አጠገብ ግን «ሃድ» ብቻ ይበቃል።

ሁኔታው የጠዋቱ፣ ውጤቱ ግን የአሁኑ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋር ይቀላቀላል። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመው ሰውያችን የሚለው ይህንኑ ነው፦ «ኢፍ አይ ሃድ ሌፍት ኧርሊ፣ አይ ዉድ ቢ ኢን ዘ ኦፊስ ናው»።