የደኅንነት ምርመራ ዘገባ እንዴት ይጠቃለላል?

የምርመራ ዘገባ ሲጠቃለል ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ሊሰጥ ይገባል፤ ምን አደጋ ተገኘ? ማን እስከ መቼ እንዲያስተካክል ታዘዘ? ቀኑ ያለፈበትስ የትኛው ነው?

ጥቅምት 5 ቀን በአንድ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ውስጥ የጋዝ ሲሊንደር በሰንሰለት ሳይታሰር ቆሞ ተገኘ እንበል። ወድቆ ቫልቩ ቢሰበር፣ የታመቀው ጋዝ ብረቱን እንደ ጥይት ሊያስወነጭፈው ይችላል። የዕቃ ቤቱ ኀላፊ እስከ ጥቅምት 20 ቀን ከግድግዳው ጋር እንዲያስረው ታዘዘ። ኅዳር 5 ቀን ሲጠየቅ ግን «ሰንሰለቱ እየተገዛ ነው» አለ። መግዛት ማሰር አይደለምና ጉዳዩ አልተዘጋም፤ ቀኑ ካለፈ 15 ቀን ሆኖታል። የሚዘጋው መርማሪው ሰንሰለቱን በዐይኑ ሲያይ ነው።

አዲስ ቀጠሮ ቢሰጥም የመጀመሪያው ቀን ከዝርዝሩ አይፋቅ። ከተፋቀ መዘግየቱ ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል፤ ሲሊንደሩ ግን እንዳልታሰረ ይቆማል።