አንጎል በደም የሚያዛት ዕጢ

ከአፍንጫችን ሥር ወደ ኋላ፣ የራስ ቅል ወለል ላይ፣ አጥንቱ ኮርቻ መስሎ የጎደጎደበት ቦታ አለ። ፒቱታሪ የምትባለው ዕጢ የተቀመጠችው እዚያ ውስጥ ነው። ክብደቷ ግማሽ ግራም ገደማ ነው፤ መጠኗም ከሽምብራ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ከላይ በቀጭን ግንድ ተንጠልጥላ ሃይፖታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ጋር ተያይዛለች። ሃይፖታላመስ ረሃብን፣ ጥምን፣ የሰውነት ሙቀትንና የመውለድ ዑደትን የሚከታተል ክፍል ነው።

ስለ ፒቱታሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ሌሎቹን ዕጢዎች እንደምታዝ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ለእሷ ለራሷ ትእዛዙ የሚደርሳት በምን መንገድ እንደሆነ ነው። መንገዱን የተረዳ ሰው፣ በወሊድ ብዙ ደም ፈስሷት በሕይወት የተረፈች እናት ጡቷ ወተት ሳይዝ ቀርቶ ለዓመታት እየደከመች የምትኖረው ለምን እንደሆነም ይረዳል።

ዕጢዋ አንድ ትመስላለች እንጂ በትውልዷ ሁለት ናት። ፅንሱ ገና ጥቂት ሳምንታት ሲሆነው ከአፉ ጣሪያ ትንሽ ከረጢት ተነስታ ወደ ላይ ታድጋለች። ከአንጎሉ ወለል ደግሞ ሌላ ቅጥያ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለቱ ተገናኝተው ይጣበቁና ከአፍ በኩል የመጣችው የዕጢዋ የፊት ክፍል ትሆናለች፣ ከአንጎል የወረደው ደግሞ የኋላ ክፍል። ከዚያ በኋላ ጎን ለጎን ቢኖሩም ከአንጎል ጋር ያላቸው ግንኙነት ፈጽሞ የተለያየ ነው።

የኋላ ክፍሉ ከመነሻው የአንጎል አካል ነው። ሃይፖታላመስ ውስጥ ያሉ የነርቭ ሴሎች ረጃጅም ጭራዎቻቸውን በግንዱ ውስጥ አሳልፈው እዚህ ድረስ አውርደዋል። ሁለቱ ሆርሞኖች፣ ቫዞፕሬሲንና ኦክሲቶሲን፣ የሚሠሩት እላይ በአንጎል ነው፤ በእነዚህ ጭራዎች ወርደው ጫፋቸው ላይ ይጠራቀማሉ። ቫዞፕሬሲን ኩላሊት ውሃን እንዳያባክን ያደርጋል። ኦክሲቶሲን ደግሞ በምጥ ጊዜ ማህፀንን ያኮማትራል፣ ሕፃኑ ጡት ሲጠባም ጡት ውስጥ ያለውን ወተት ገፍቶ ያወጣል። የጡት ጫፍ ስሜት በነርቭ ወደ አንጎል ይሄዳል፣ ትእዛዙም በነርቭ ይወርዳል፣ ከዚያ ሆርሞኑ ወደ ደም ይለቀቃል። ሁሉም ነገር የሚያልቀው በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው።

የፊት ክፍሉ ግን ሆርሞኖቹን በራሱ ሴሎች ይሠራል። ዋና ዋናዎቹ ስድስት ናቸው፦ የዕድገት ሆርሞን፣ ወተት እንዲሠራ የሚያዘው ፕሮላክቲን፣ የታይሮይድ ዕጢን የሚያነቃቃው፣ ከኩላሊት በላይ ያለውን የአድሬናል ዕጢ የሚያነቃቃው፣ እና የእንቁላልንና የዘር ፍሬን ሥራ የሚመሩ ሁለት ሆርሞኖች። ተመራማሪዎች ግን አንድ ነገር ግራ አጋብቷቸው ቆየ። ከሃይፖታላመስ ወደ ፊት ክፍሉ የሚገባ ነርቭ ፈለጉ፣ ይህን ሁሉ ሥራ የሚመራ የሚባል ነገርም አላገኙም። ሆኖም ድንጋጤ፣ ረሃብና ብርድ የፊት ክፍሉን ሥራ እንደሚለውጡ በግልጽ ይታያል። ታዲያ አንጎል የሚነግረው በምን በኩል ነው?

በ1930 ለንደን ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሩማንያዊው ግሪጎሬ ፖፓና አውስትራሊያዊቷ ኡና ፊልዲንግ፣ በግንዱ ላይ የተዘረጉ ልዩ የደም ሥሮችን በዝርዝር ገለጹ። ሥሮቹ በሁለቱም ጫፍ ወደ ቀጫጭን ሥሮች ይበተናሉ። የተለመደው የደም ዑደት እንዲህ አይደለም። ደም ከልብ በደም ቅዳ ይወጣል፣ በቀጫጭኖቹ ሥሮች አልፎ በደም መልስ ወደ ልብ ይመለሳል። እዚህ ግን በቀጫጭኖቹ ያለፈው ደም በደም መልስ ተሰብስቦ፣ ልብ ሳይደርስ፣ ሌላ የቀጫጭን ሥሮች መረብ ውስጥ እንደገና ይገባል። አንጀትና ጉበትም የሚገናኙት በዚህ ዓይነት መንገድ ነው፤ ሐኪሞች ፖርታል ይሉታል። የፒቱታሪ ፖርታል መነሻው ሃይፖታላመስ ሥር ባለው የመጀመሪያ መረብ ነው። መድረሻው ደግሞ የፊት ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁለተኛ መረብ ነው።

ፖፓና ፊልዲንግ ሥሮቹን በትክክል ቢያዩም ደሙ ከዕጢዋ ወደ አንጎል የሚወጣ መሰላቸው። ከሞተ አካል ላይ የደምን አቅጣጫ መለየት አይቻልም። በአምስት ዓመት ውስጥ አርጀንቲናዊው በርናርዶ ሁሳይና ባልደረቦቹ በሕይወት ባለች ጉርጥ ላይ ደሙ ወደ ታች ሲወርድ አዩ። በ1949 እንግሊዛዊው ጄፍሪ ሃሪስና ጆን ግሪን በሕይወት ባለች አይጥ ላይ ያንኑ ተመለከቱ።

ሃሪስ በማየት ብቻ አልተወሰነም። የአይጦችን ግንድ ቆርጦ ጠበቀ። የአንዳንዶቹ ዑደት ቆሞ ሲቀር የሌሎቹ ተመለሰ። አገላብጦ ሲመረምር፣ የተመለሰላቸው የደም ሥሮቹ በቁስሉ ላይ ተሻግረው እንደገና የበቀሉላቸው መሆናቸውን አገኘ። በተቆረጠው ቦታ ትንሽ የሰም ወረቀት ሲያስገባ ሥሮቹ መሻገር አልቻሉም፣ ሥራውም አልተመለሰም። በ1952 ደግሞ ከዶራ ያኮብሶን ጋር ሆኖ፣ የራሳቸው ዕጢ የወጣላቸውን አይጦች ወሰደና የሌላ አይጥ ፒቱታሪ ተከለላቸው። ሃይፖታላመስ ሥር የተተከለላቸው ዑደታቸው ተመለሰ። በሌላ የአንጎል ክፍል ሥር የተተከለላቸው ግን አልተመለሰላቸውም። ሁለቱም ዕጢዎች ደም ያገኙ ነበር። ልዩነቱ ደሙ ከየት እንደመጣ ነው። እኔ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አልጠይቅም።

ደሙ ይዞት የሚወርደው ሃይፖታላመስ የሚያመነጫቸውን የትእዛዝ ሆርሞኖች ነው። መጠናቸው እጅግ ትንሽ ነው። ሮዠ ጊልማንና አንድሩ ሻሊ የመጀመሪያውን ለይተው ቅመማውን ለማወቅ፣ አንዱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የበጎች፣ ሌላው የአሳማዎች ሃይፖታላመስ መሰብሰብ አስፈልጓቸዋል። የተሳካላቸው በ1969 ሲሆን በ1977 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ይህን ያህል ኢምንት ነገር ወደ አምስት ሊትር ገደማ ደም ውስጥ ቢለቀቅ ተበርዞ ይጠፋል። በጥቂት ሚሊሜትር የግንድ መንገድ ሲወርድ ግን ሳይበረዝ ይደርሳል።

ሁሉም ትእዛዝ «ልቀቅ» የሚል አይደለም። ለፕሮላክቲን የሚወርደው ዋናው መልእክት ዶፓሚን ነው፣ እሱም የሚያግድ ነው። ስለዚህ ግንዱ በአደጋ ሲቆረጥ ወይም በዕባጭ ሲጨመቅ ሌሎቹ የፊት ክፍል ሆርሞኖች ሲቀንሱ ፕሮላክቲን ብቻውን ከፍ ይላል። የሚያግደው ጠፍቷልና።

ይህ መንገድ የሚከፈልበት ዋጋ ግን አለ። ወደ ፊት ክፍሉ የሚገባው ደም አብዛኛው አንዴ በቀጫጭን ሥሮች ያለፈ በመሆኑ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው። የኋላ ክፍሉ ግን የራሱ ደም ቅዳ አለው። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ፕሮላክቲን የሚሠሩት ሴሎች በዝተው የፊት ክፍሉን ያሳብጡታል፤ የደም አቅርቦቱ ግን በዚያው ልክ አያድግም። በዚህ ሰዓት የእናትየው የደም ግፊት ቢወድቅ ቀድሞ የሚጎዳው የፊት ክፍሉ ነው። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሺሃን ከወሊድ በኋላ የሞቱ እናቶችን መርምሮ ይህን በ1937 በዝርዝር ስለጻፈ በሽታው በስሙ ይጠራል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ቶሎ በሚቆምባቸው አገሮች ዛሬ ብርቅ ነው። በእኛ አገር ግን ደም መፍሰስ አሁንም እናቶችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ከእሱ የሚተርፉትም ይህን ጉዳት ይዘው ሊኖሩ ይችላሉ።

የበሽታው አካሄድ እንዲገባን አንዲት እናትን እናስብ። ሦስተኛ ልጇን ቤቷ ወልዳ እንግዴ ልጁ ሳይወጣ ይዘገያል። ደሙ አልቆም ብሎ ራሷን ትስታለች። ጤና ተቋም ደርሳ ደም ተሰጥቷት ትተርፋለች። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ግን ጡቷ ወተት አይዝም። ገንፎውም አጥሚቱም ይሰጣታል፣ ለውጥ የለም። ወራት ቢያልፉም የወር አበባዋ አይመለስም። የተላጨችው የብብት ፀጉር እንደገና አያድግም። ሰው ሁሉ ሲሞቀው እሷን ይበርዳታል፣ ማጀቷን ለመያዝ አቅም ያጥራታል። ሰው «ከወሊዱ ወዲህ ደከመች» ይላል፤ እንዲህ ሆና ዓመታት ታሳልፋለች። አንድ ቀን በትኩሳት ወይም በተቅማጥ ትታመምና ተዝለፍልፋ ትወድቃለች። ስትመረመር በደሟ ያለው ስኳርና ጨው ወርዶ ይገኛል።

የጨው መውረድ ጉዳይ ሁለቱን ክፍሎች አብሮ ያሳያል። የፊት ክፍሉ ስለሞተ አድሬናልን የሚያነቃቃ የለም፤ ኮርቲዞል የሚባለው ሆርሞን ይጠፋል። ኮርቲዞል ሲጠፋ በሕይወት ያለው የኋላ ክፍል ቫዞፕሬሲንን ከልክ በላይ ይለቃል። ኩላሊት ውሃ ይይዛል፣ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል። ግንዱ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ይገጥመዋል፤ ቫዞፕሬሲን ስለሚያጣ በቀን ብዙ ሊትር እየሸና ያለማቋረጥ ይጠማዋል።

የላቦራቶሪ ውጤቷም ሊያሳስት ይችላል። የእንቅርት ሕመም ሲጠረጠር ብዙ ጊዜ የሚለካው ፒቱታሪ ለታይሮይድ የምትልከው ሆርሞን ብቻ ነው። ታይሮይድ ራሱ ሲደክም ይህ ሆርሞን በጣም ከፍ ይላል፤ ዕጢዋ እየደጋገመች ትጮህበታለችና። እዚህ ግን የደከመችው አዛዧ ራሷ ናት። ቁጥሩ «ደህና ነው» በሚባለው ክልል ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የታይሮይዱ የራሱ ሆርሞን አብሮ ሲለካ ግን ዝቅ ብሎ ይገኛል። ፕሮላክቲኗም ዝቅተኛ ነው፤ ዕባጭ ግንዱን የጨመቀው ቢሆን ኖሮ ከፍ ይል ነበር። በኤምአርአይ ሲታይ ኮርቻው ባዶ ወይም ባዶ ሊሆን የተቃረበ ሆኖ ይታያል።

የሞተው ክፍል አይመለስም፣ የጎደለው ግን በመድኃኒት ይተካል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የኮርቲዞል ምትክ ይሰጣል፣ ሃይድሮኮርቲዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን። የታይሮይዱ ምትክ ሌቮታይሮክሲን ከዚያ በኋላ ይጀመራል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሌቮታይሮክሲኑ የቀረውን ጥቂት ኮርቲዞል ቶሎ እንዲወገድ ያደርገዋል፣ የሰውነቱንም ፍላጎት ይጨምራል፤ በሽተኛዋ በቀናት ውስጥ ለሞት የሚያደርስ መዝለፍለፍ ሊገጥማት ይችላል። መድኃኒቱን ከጀመረች በኋላም ትኩሳት ሲይዛት የኮርቲዞሉን መጠን ሐኪሟ በነገራት መሠረት ለጥቂት ቀናት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ማድረግ ይኖርባታል። እያስታወከች መዋጥ ካቃታት ሳትውል ሳታድር በመርፌ እንዲሰጣት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት። ቤተሰቧም ይህን ማወቅ አለበት፤ በዚያች ሰዓት እሷ ራሷ መናገር ላትችል ትችላለችና።