ከአምስት ድምፆች ወደ አንድ ሪፍ፦ የማይነር ፔንታቶኒክ ቅኝትና የመነሻ ድምፅ ጥያቄ

መግቢያ

በሮክ ሙዚቃ «ሪፍ» የሚባለው በጊታር የሚመታ፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ባር የሚረዝም፣ በዘፈኑ ውስጥ ደጋግሞ የሚመለስና አድማጩ ዘፈኑን የሚለይበት አጭር የዜማ ሐረግ ነው። ከእነዚህ ሐረጎች እጅግ ብዙዎቹ የተቀመሩት ከማይነር ፔንታቶኒክ ቅኝት ነው። በመሆኑም ጀማሪ ደራሲ ቅኝቱን በጣቶቹ ካጠና ሪፍ መሥራት የሚችል ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ቅኝቱን ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ ሪፍ አይሆንም። ይህ አጭር ጽሑፍ ምክንያቱን ከቅኝቱ አወቃቀር ተነሥቶ ያስረዳል፤ ከዚያም አንድ ባለ ሁለት ባር ሪፍ ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከ መጨረሻው ቅርጽ እንዴት እንደሚደረስ ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

ቅኝቱ የማይሰጠው ነገር

ለምሳሌነት ላ ላይ የተመሠረተውን ማይነር ፔንታቶኒክ እንውሰድ። አምስቱ ድምፆች ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ እና ሶል ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት በግማሽ ድምፅ ሲቆጠር 3፣ 2፣ 2፣ 3 እና 2 ነው። በአገራችን የሙዚቃ ትምህርት ባቲ ማይነር ተብሎ የሚታወቀው ቅኝትም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ የርቀት ቅደም ተከተል ይገለጻል። አንዱ የድምፆች ስብስብ በሁለት እጅግ በተራራቁ የሙዚቃ ባህሎች ውስጥ ማገልገሉ፣ የሪፍ ጠባይ ከስብስቡ ሳይሆን ከአጠቃቀሙ እንደሚመነጭ ያመለክታል።

ከላይ በተጠቀሱት ቁጥሮች ውስጥ 1 የለም፤ ይኸውም በቅኝቱ ውስጥ የግማሽ ድምፅ ርቀት አይገኝም ማለት ነው። በሰባት ድምፅ ሙዚቃ፣ ለምሳሌ በዶ ሜጀር፣ ሲ ከዶ በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚርቅ አድማጩ ሲን ሲሰማ ዶን ይጠብቃል። ይህ ስበት ዶ መነሻና ማረፊያ መሆኑን ይናገራል። በማይነር ፔንታቶኒክ ግን እንዲህ ያለ ጠቋሚ የለም። ከዚህም በላይ እነዚሁ አምስት ድምፆች ከዶ ቢቆጠሩ የዶ ሜጀር ፔንታቶኒክ ይሆናሉ። ስለዚህ መነሻው ላ ነው ወይስ ዶ ለሚለው ጥያቄ ቅኝቱ ብቻውን መልስ አይሰጥም። መልሱን የሚሰጠው ደራሲው ነው፤ መሣሪያዎቹም ድምፁ የሚውልበት ምት፣ ድግግሞሽና ዝምታ ናቸው።

የመጀመሪያው ረቂቅ

ጀማሪ ደራሲ አዘውትሮ የሚጽፈውን ረቂቅ እንመልከት። በአራት ምት ባር ውስጥ ስምንት ግማሽ ምቶች አሉ፤ በእነርሱም ላይ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሚ፣ ሬ፣ ዶ በእኩል ርዝመት ይደረደራሉ። ድምፆቹ ሁሉ ከቅኝቱ ስለሆኑ ስሕተት የሚባል ድምፅ የለበትም። ሆኖም ላ በስምንቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሰማ ዶ፣ ሬና ሚ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ ይሰማሉ። ሁሉም እኩል ርዝመት ስላላቸው የትኛው ጌታ፣ የትኛው አጃቢ እንደሆነ አይታወቅም። ቤዝ ጊታር ከሥር ዶን ይዞ ቢቆይ ሐረጉ ያለ አንዳች ተቃውሞ ወደ ብሩህ የሜጀር ዜማነት ይለወጣል።

ጉድለቱን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ሐረጉ ያለ ከበሮና ያለ ቤዝ ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ከዚያም መሐል ላይ ድንገት ይቋረጥና አድማጩ ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ እንዲያንጎራጉር ይጠየቃል። የአድማጮች መልስ በላና በዶ መካከል ከተከፈለ ሪፉ ገና አልተጠናቀቀም።

ምቱን ማስቀደም፣ ድምፁን መቀነስ

ማሻሻያው የሚጀምረው ከምቱ ነው። ላ ብቻ እየተመታ አካሄዱ ይፈለጋል፤ በአንድ ድምፅ ሲመታ የማይታወስ አካሄድ አምስት ድምፅ ስለተጨመረለት አይታወስም። አካሄዱ ከጸና በኋላ ዶ፣ ሬና ሶል ብቻ ይጨመራሉ፤ ሚ ለጊዜው ትቀራለች፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይገለጻል። ውጤቱ ቀጥሎ ቀርቧል። 5 እና 6 የጊታሩ ክሮች ናቸው፤ 6 ወፍራሙ ነው። በመስመሩ ላይ ያሉት ቁጥሮች ፍሬቶችን ሲያመለክቱ እያንዳንዱ ዓምድ ደግሞ አንድ ግማሽ ምት ነው።

```
5 | . . . 3 . 5 . 3 | . . . . . . . . |
6 | 5 . 5 . . . . . | 5 . . . . . . 3 |
```

በመጀመሪያው ባር ላ በአንደኛውና በሁለተኛው ምት ላይ ይመታል፤ ዶ፣ ሬ እና እንደገና ዶ ይከተላሉ። በሁለተኛው ባር ላ በመጀመሪያው ምት ላይ ተመትቶ እስከ ሁለተኛው ምት ማብቂያ ይዘልቃል። ከዚያ ዝምታ ይሆናል። በመጨረሻው ግማሽ ምት ላይ ሶል ይሰማና ሐረጉ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

የዚህ ሐረግ ሥርዓት አንድ ነው፤ ላ ሁልጊዜ በምት ላይ ይውላል፣ ሌሎቹ ሁሉ በምቶች መካከል ይውላሉ። አድማጩ እግሩን መሬት በሚያሳርፍበት ቅጽበት የሚያገኘው ላን ብቻ ነው። በተጨማሪም ላ ከሁለት አቅጣጫ ይደረስበታል፤ በመጀመሪያው ባር መጨረሻ ከላይ ከዶ፣ በሁለተኛው ባር መጨረሻ ከታች ከሶል። ቅኝቱ የነፈገውን የግማሽ ድምፅ ስበት የምቱ አቀማመጥ ተካው ማለት ነው። ከላይ የተጠቀሰው ፈተና በዚህ ሐረግ ላይ ቢደገም አድማጩን ወደ ላ የሚመራው ብዙ ምልክት ያገኛል።

የዝምታው ድርሻም ከድምፁ አያንስም። በተለመደው የሮክ አመታት ስኔር ከበሮ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ይመታል። በሁለተኛው ባር አራተኛ ምት ላይ ጊታሩ ዝም ስለሚል ስኔሩ ብቻውን ይሰማል፤ ሶልም ወዲያው ይከተለዋል። ዘፋኙም ቃሉን የሚያስገባበት ቦታ ይኸው ክፍተት ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 100 ምት ቢሆን አንድ ዙር 4.8 ሰከንድ ይፈጃል፤ በአራት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ ለ50 ዙር የሚበቃ ጊዜ አለ ማለት ነው። ክፍተት የሌለው ሪፍ ይህን ያህል ድግግሞሽ አይሸከምም።

ሚ ለምን ቀረች?

የሮክ ጊታር ድምፅ በአብዛኛው በዲስቶርሽን የተዛባ ነው። ሁለት ድምፆች አንድ ላይ በዲስቶርሽን ሲያልፉ ከድግግሞሾቻቸው ድምርና ልዩነት በክሩ ላይ ያልተመቱ አዳዲስ ድምፆች ይወለዳሉ። በስድስተኛው ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ ያለው ላ 110 ሄርዝ ነው። ከእርሱ ጋር አምስተኛው የሆነው ሚ፣ ማለትም 165 ሄርዝ ገደማ፣ ቢመታ ልዩነቱ 55 ሄርዝ ይሆናል። ይህም ራሱ ላ ነው፣ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ። ስለዚህ ድምፁ ይወፍራል እንጂ አይደፈርስም። በሚ ፋንታ ዶ፣ ማለትም 131 ሄርዝ ገደማ፣ ቢመታ ግን ከሚወለዱት አንዱ የላ እጥፍ ከዶ ሲቀነስ የሚገኘው 89 ሄርዝ ነው፤ ይህ ለፋ የቀረበ፣ ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ ነው። በዲስቶርሽን ውስጥ የማይነር ሦስተኛ ጥምረት ጭቃ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ጊታር ተጫዋቾች መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ በመያዝ «ፓወር ኮርድ» የሚሉትን መጠቀማቸውም ከዚሁ የመጣ ነው።

አሁን የሪፉን ድምፆች በየአምስተኛቸው እናወፍር። ላ ከሚ፣ ዶ ከሶል፣ ሬ ከላ፣ ሶል ከሬ ጋር ይጣመራል፤ ሁሉም አጣማሪዎች በቅኝቱ ውስጥ ይገኛሉ። የሚ አምስተኛ ግን ሲ ነው፤ ሲ በቅኝቱ ውስጥ የለም። ሚ ከዜማው የቀረችው ለዚህ ነው፤ ከላ ጋር በጥምረት ስትመለስ ደግሞ መነሻውን ታጠናክራለች።

በዚህ ደረጃ አዘውትሮ የሚያጋጥመው ችግር የዝምታው መጥፋት ነው። ዲስቶርሽን ደካማውን ድምፅ ስለሚያጎላ የተመታው ክር ቶሎ አይሞትም፤ በወረቀት ላይ ያለው ክፍተት በጆሮ ይሞላል። መፍትሔው በሁለተኛው ባር ሦስተኛ ምት ላይ የቀኝ እጅን መዳፍ ክሮቹ ላይ ማሳረፍና የግራ እጅን ጣቶች ማላላት ነው። ድምፁ ተቀርጾ ሲደመጥ በአራተኛው ምት ላይ ስኔሩ ብቻውን ካልተሰማ እርማቱ ገና ነው።

አንድ የታወቀ ምሳሌ

ይህ የቁጠባ መርሕ በታወቁ ሥራዎችም ይታያል። ዲፕ ፐርፕል በ1972 ባወጣው «ማሽን ሄድ» በተባለው አልበም ውስጥ የሚገኘው «ስሞክ ኦን ዘ ዎተር» መነሻው ሶል ነው። የሪፉ የላይኛው ዜማ ከማይነር ፔንታቶኒኩ አምስት ድምፆች የሚጠቀመው በሦስቱ ብቻ ነው፤ ሶል፣ ሲ ቤሞልና ዶ። አራተኛው ድምፅ ሬ ቤሞል ከቅኝቱ ውጭ ሲሆን በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማል። ጊታሪስቱ ሪቺ ብላክሞር ሐረጉን የሚጫወተው በአራተኛ ርቀት በተጣመሩ ድምፆች ነው። አራተኛ የአምስተኛ ግልባጭ ስለሆነ ከላይ የተገለጸው የጥራት ጠባይ በእርሱም ላይ ይሠራል። ከቅኝቱ ውጭ የሆነው ድምፅ ጎልቶ የሚሰማው በዙሪያው ያሉት ጥቂት በመሆናቸው ነው፤ በየቦታው ቢበተን ይህ ጉልበት ይጠፋል።

ከሪፍ ወደ ዘፈን

ሪፉ ዘፈኑን እንዲሸከም አንድ ጊዜ እንኳ ከቦታው መነሣት ይኖርበታል። ስድስተኛው፣ አምስተኛውና አራተኛው ክር እርስ በርሳቸው በአራተኛ ርቀት የተቃኙ ናቸው። ስለዚህ የጣቶቹን ቅርጽና ፍሬቶቹን ሳይለውጡ ሁሉን አንድ ክር ወደ ቀጭኑ ማዛወር ብቻ መነሻውን ከላ ወደ ሬ ይወስደዋል። ድምፆቹ ሬ፣ ፋ፣ ሶልና ዶ ይሆናሉ። ከነዚህ ውስጥ ፋ በመጀመሪያው ቅኝት ውስጥ የለችም፤ ሄድን የሚለውን ስሜት የምታመጣው እርሷ ናት። ክሪም በ1967 በሠራው «ሰንሻይን ኦቭ ዩር ላቭ» ውስጥም ሬ ላይ የተመሠረተው ሪፍ በዚሁ የአራተኛ ርቀት ወደ ሶል ይዛወራል።

ይህ ዘዴ ወሰን አለው። እዚህ የቀረበው ሥርዓት መነሻውን በማያሻማ ሁኔታ ለማጽናት የታሰበ ነው። ደራሲው ሆን ብሎ በላና በዶ መካከል የሚዋልል ስሜት ከፈለገ ተቃራኒውን ማድረግ፣ ማለትም ዶንም በምት ላይ ማዋል ይችላል። በሁለቱም ሁኔታ ግን ውሳኔው የእርሱ ነው፤ አምስቱ ድምፆች በራሳቸው አይወስኑለትም።