ለጭቃ ቤት ግድግዳ ስንት ሊትር ቀለም ይበቃል?

ቀለም በሥራው መካከል ሲያልቅ ጉዳቱ ዳግመኛ ገበያ መሄዱ ብቻ አይደለም። በኋላ የተገዛው ቀለም ስሙ አንድ ቢሆንም መልኩ ከፊተኛው ጥቂት ሊለይ ይችላል፤ አንዱ ግድግዳም ሁለት ዓይነት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መለካት ይገባል።

ለምሳሌ፣ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው በአራቱም ወገን 2 ሜትር ተኩል የሚቆም ቤት እንውሰድ። ቤቱን በውጭ ብንዞረው 22 ሜትር ነው። ይህን በቁመቱ ብናባዛው 55 ካሬ ሜትር ይሆናል። ወርዳቸው 1 ሜትር፣ ቁመታቸው 2 ሜትር የሆኑ ሁለት በሮች 4 ካሬ ሜትር፣ አንዲት መስኮት ደግሞ 1 ካሬ ሜትር ይይዛሉ። እነዚህ የግድግዳ ቀለም ስለማይቀቡ ሲቀነሱ 50 ካሬ ሜትር ይቀራል።

በባልዲው ላይ «አንድ ሊትር 10 ካሬ ሜትር ይቀባል» ተብሎ ተጽፏል እንበል። በዚህ ቢሰላ ለአንድ እጅ 5፣ ለሁለት እጅ 10 ሊትር ይበቃል ያሰኛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጽሑፉ የሚናገረው ስለ ለስላሳ ግድግዳ ነው፤ የጭቃ ምርጊት ግን ሻካራ ስለሆነ የመጀመሪያውን እጅ ይጠጣል።

ምን ያህል እንደሚጠጣ ለማወቅ ከጎረቤት ወይም ከባለሱቅ ጥቂት ቀለም አግኝታችሁ ሞክሩ። ምርጊቱ በደንብ ከደረቀና አቧራው ከተጠረገ በኋላ፣ ግማሽ ሊትር ቀለም በውሃ ሳይቀጥን ለክታችሁ፣ ከማዕዘኑ ጀምራችሁ ከላይ እስከ ታች ቀቡ። ቀለሙ በጎን 1 ሜትር ብቻ ሄዶ ቢያልቅ የሸፈነው 2 ካሬ ሜትር ተኩል ነው፤ አንድ ሊትርም 5 ካሬ ሜትር ብቻ ይቀባል ማለት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው እጅ 10 ሊትር ይፈልጋል። ሁለተኛው እጅ፣ የፊተኛው ደርቆ ቀዳዳውን ስለደፈነው፣ በባልዲው ጽሑፍ ልክ ቢሄድ 5 ሊትር ይበቃዋል። ድምሩ 15 ሊትር ነው። በጽሑፉ ብቻ የተማመነ ሰው ሁለተኛውን እጅ ገና ሳይጀምር ቀለሙ ያልቅበታል።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ዋጋ ከገበያ ገበያ ይለያያል፤ ለስሌት ያህል ባለ 4 ሊትሩ ባልዲ 800 ብር፣ ባለ 20 ሊትሩ 3,600 ብር ነው እንበል። ትልቁ በሊትር 180 ብር፣ ትንሹ 200 ብር ስለሚወድቅ ትልቁ የረከሰ ይመስላል። ነገር ግን 15 ሊትር ለሚፈልግ ሰው አራት ትንንሽ ባልዲ 16 ሊትር ሆኖ 3,200 ብር ይፈጃል፤ በትልቁ ግን 400 ብር ጨምሮ 5 ሊትር ይተርፈዋል። የተረፈው ለውስጥ ግድግዳ የሚውል ከሆነ ትልቁ ይሻላል፤ አለዚያ ቤት ተቀምጦ ይደርቃል። አራቱን ትንንሽ ባልዲዎች ግን በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ግዙ፤ ከመቀባታችሁም በፊት በአንድ ትልቅ ዕቃ ቀላቅሏቸው።