ሁለት ትዕዛዝ በአንድ ቅጽበት

አንድ የሳሙና ጅምላ አከፋፋይ አለ እንበል። ቸርቻሪዎች በስልካቸው ያዛሉ፤ ከዋጋው ሩቡን በቴሌብር ይከፍላሉ፤ ቀሪው በዱቤ ይያዝባቸዋል። አንዱ ቸርቻሪ 20 ካርቶን አዘዘ፤ የካርቶኑ ዋጋ 1,000 ብር ነው። ይህ ትዕዛዝ ሦስት መዝገቦችን ይነካል። ከስቶክ 20 ካርቶን ይቀንሳል፣ የ5,000 ብር ክፍያ ያስመዘግባል፣ በደንበኛው ስም ላይ ደግሞ 15,000 ብር ዱቤ ይጨምራል።

ስቶኩ ተቀንሶ ዱቤው ሳይጻፍ መብራት ቢጠፋስ? ሳሙናው ከመዝገብ ወጥቷል፣ ባለዕዳው ግን የለም። ትራንዛክሽን የሚባለው የዳታቤዝ አሠራር መጀመሪያ የሚያገለግለው ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ BEGIN ብሎ ይከፍታል፣ ሦስቱንም መዝገቦች ይጽፋል፣ በCOMMIT ያጸድቃል። ከCOMMIT በፊት ሰርቨሩ ቢጠፋ፣ ዳታቤዙ ተመልሶ ሲነሳ የተጀመረውን ሁሉ እንዳልተጻፈ ይቆጥረዋል። ከCOMMIT በኋላ ቢጠፋ ግን ሦስቱም በቦታቸው ይገኛሉ። ለውጡ ከመጽደቁ በፊት ዲስክ ላይ ባለ የሥራ ማስታወሻ ሰፍሯልና፣ ዳታቤዙ እሱን አንብቦ ያሟላዋል።

ይህን ያህሉን አብዛኛው ፕሮግራመር ያውቃል፤ ብዙው ደግሞ እዚህ ላይ ያቆማል። የባሰው ችግር የሚመጣው መብራቱም ሰርቨሩም ደህና ሆነው ሁለት ትዕዛዞች በአንድ ጊዜ ሲገቡ ነው።

መጋዘኑ ውስጥ 30 ካርቶን ቀርቷል። አንዱ ደንበኛ 20፣ ሌላው 15 ካርቶን በተመሳሳይ ሰከንድ አዘዙ። ለመጀመሪያው የተከፈተው ትራንዛክሽን ስቶኩን አንብቦ 30 አገኘ፤ የሁለተኛውም እንዲሁ 30 አገኘ። ሁለቱም «ይበቃል» ብለው አለፉ። የመጀመሪያው ከ30 ላይ 20 ቀንሶ 10 ብሎ ጻፈና አጸደቀ። ሁለተኛው አስቀድሞ ካነበበው 30 ላይ 15 ቀነሰና በ10 ምትክ 15 ጻፈ። አሁን 35 ካርቶን ተሽጧል፤ መዝገቡ ግን 15 ካርቶን ቀርቷል ይላል። ሁለቱም ትራንዛክሽኖች በሥርዓቱ ተከፍተው በሥርዓቱ ጸድቀዋል፤ ስክሪኑ ላይ አንድም የስህተት መልእክት አልወጣም። ጉዳዩ የሚታወቀው መጋዘን ጠባቂው ቆጥሮ ሲያጣ ነው።

ትራንዛክሽኖች አብረው ሲሠሩ አንዱ የሌላውን ሥራ ምን ያህል ማየት እንደሚችል የሚወስኑ የመለያያ ደረጃዎች አሉ። በ1992 የወጣው የኤስኪውኤል ደረጃ አራት ዘርዝሯል፤ ከልቅ ወደ ጥብቅ ሲሄዱ READ UNCOMMITTED፣ READ COMMITTED፣ REPEATABLE READ እና SERIALIZABLE ናቸው። ችግሩ ስማቸው አንድ ሆኖ ጠባያቸው ከዳታቤዝ ዳታቤዝ መለያየቱ ነው። ጂም ግሬይና ባልደረቦቹ በ1995 ባወጡት ጽሑፍ የደረጃው አገላለጽ አሻሚ መሆኑን አሳይተዋል፤ ዛሬም ያው ነው።

የሳሙናውን ምሳሌ ይዘን ብንሞክረው ልዩነቱ ይታያል። ፖስትግሬስ ካልተነገረው በቀር የሚሠራው በREAD COMMITTED ነው፤ በዚህ ደረጃ ከላይ ያየነው ጥፋት ይደርሳል። REPEATABLE READ ላይ ሲደረግ ግን ሁለተኛው ትራንዛክሽን ሊጽፍ ሲል፣ ካነበበ በኋላ ሌላ ሰው እንደቀየረው አውቆ በ40001 የስህተት ቁጥር ይጥለዋል። ማይኤስኪውኤል ደግሞ ከመጀመሪያውም REPEATABLE READ ላይ ነው የሚሠራው፤ ሆኖም በዚሁ ስም ሁለተኛውን ምንም ሳይል ያሳልፈዋል። እኔ እንደማየው፣ አንድ ፕሮግራመር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ሰነዱን ማንበብ ያለበት ገጽ ይህ ነው።

ለስቶክ ብቻ ከሆነ ደረጃውን መንካትም አያስፈልግም። አንብቦ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ቀንሶ መልሶ ከመጻፍ ይልቅ ቅነሳውን ለዳታቤዙ መተው ይበቃል፦

```
UPDATE stock SET qty = qty - 20
WHERE item_id = 7 AND qty >= 20;
```

ሁለተኛው ትዕዛዝ የመጀመሪያው እስኪጸድቅ በዚያች መስመር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ አዲሱን 10 ያያል፤ 15 ስለማይሞላ ምንም አይቀይርም። ፕሮግራሙ «ስንት መስመር ተቀየረ?» ብሎ ማየት አለበት። ዜሮ ከሆነ ROLLBACK ብሎ ለደንበኛው ዕቃው አልበቃም ይለዋል።

ዱቤው ላይ ስንመጣ ግን ነገሩ ይረቃል። የአንድ ቸርቻሪ የዱቤ ጣሪያ 40,000 ብር ነው፤ ያልከፈለው 15,000 ብር አለበት። እሱ ሳሙና፣ ሚስቱ ደግሞ በሌላ ስልክ ዘይት አዘዙ፤ ሁለቱም ትዕዛዞች የ15,000 ብር ዱቤ አላቸው። ሲስተሙ ያልተከፈሉ ደረሰኞችን ደምሮ ነው የሚፈቅደው። እያንዳንዱ ትራንዛክሽን የድሮውን 15,000 አይቶ የራሱን ይጨምርበታል፤ 30,000 ይሆናል፤ ከጣሪያው በታች ነውና ያልፋል። ሁለቱ ሲጸድቁ ዕዳው 45,000 ብር ሆኗል። እዚህ ሁለቱ የነኩት አንድ የጋራ መስመር የለም፤ አንዱ የሳሙና፣ ሌላው የዘይት ስቶክ ቀነሰ፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን አዲስ ደረሰኝ ጻፉ። ስለዚህ የፖስትግሬስ REPEATABLE READ እንኳ አይዘውም። የሚይዘው SERIALIZABLE ነው። ፖስትግሬስ ከ2011ዱ 9.1 እትም ጀምሮ በዚህ ደረጃ ማን ምን እንዳነበበ ጭምር ይከታተላል፤ ሁለቱ በየተራ ቢሠሩ ሊገኝ የማይችል ውጤት ሲመጣ አንዱን ይጥላል።

ዋጋው ግን አለ። የተጣለው ትራንዛክሽን ከመጀመሪያው እንደገና መሠራት አለበት፤ ይህን ራሱ ፕሮግራሙ ካላደረገው ምንም ያላጠፋው ደንበኛ «ስህተት ተፈጥሯል» የሚል ጽሑፍ ያያል። ዱቤ የሚነኩ ትራንዛክሽኖች ሁሉም በዚህ ደረጃ ካልሄዱም ጥበቃው ይጎድላል። ቀለል ያለው መንገድ ዕዳው ከመደመሩ በፊት የደንበኛውን መስመር በSELECT ... FOR UPDATE መቆለፍ ነው። የሚስት ትዕዛዝ የባል እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ 30,000ውን ያያል። በREAD COMMITTED ይህ ይበቃል። ብቻ መቆለፊያዎቹ በሁሉም ቦታ በአንድ ቅደም ተከተል ይያዙ፤ አንዱ ደንበኛውን ይዞ ስቶክ ሲጠብቅ፣ ሌላው ስቶኩን ይዞ ደንበኛውን ከጠበቀ ሁለቱም ይቆማሉ፣ ዳታቤዙም አንዱን ለመግደል ይገደዳል።

ክፍያው ከሁሉም ይለያል፤ ገንዘቡ ያለው በሌላ ድርጅት ዳታቤዝ ውስጥ ነውና ROLLBACK አይመልሰውም። ትራንዛክሽኑን ከፍቶ ደንበኛው የምስጢር ቁጥሩን እስኪያስገባ መጠበቅም አይሆንም፤ እሱ ስልኩን እስኪያገኝ ያንኑ ሳሙና የሚፈልጉ ሁሉ ይሰለፋሉ። ስለዚህ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው አጭር ትራንዛክሽን ስቶኩንና ዱቤውን ይይዛል፣ ትዕዛዙን «ክፍያ የሚጠብቅ» ብሎ ያጸድቃል። ከዚያ ከትራንዛክሽን ውጭ ክፍያው ይጠየቃል። መልሱ ሲመጣ ሁለተኛው ትራንዛክሽን «ተከፍሏል» ይላል፤ ካልተከፈለ ደግሞ የተያዘውን ይለቃል። መልሱ ሁለት ጊዜ ሊመጣ ስለሚችል የክፍያው ቁጥር UNIQUE ተብሎ መመዝገብ አለበት። መልስ ጠፋ ማለትም አልተከፈለም ማለት አይደለም፤ ከመልቀቅ በፊት ከፋዩን ድርጅት ጠይቆ ማረጋገጥ ይገባል።

ሶፍትዌር እያሠሩ ያሉ ነጋዴ ከሆኑ፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት ይህንኑ ያስፈትኑ። በሁለት ስልክ እኩል መጫን አያስተማምንም፤ ክፍተቱ ከሰከንድም ያነሰ ነው። ፕሮግራመሩ ሁለት የዳታቤዝ መስኮቶችን ይክፈት፣ በሁለቱም BEGIN ይበል፣ 30 ካርቶን ላይ አንዱን 20፣ ሌላውን 15 ያሳዝዝ፣ የትእዛዙን ደረጃዎች እያፈራረቀ ያስኪድና ሁለቱንም ያጽድቅ። ሁለቱም ካለፉ ሥራውን አይረከቡ።