ካልኩሌተሩ ላይ የሌለው ቁልፍ

ባንክ ያስቀመጡት 10,000 ብር በዓመት 7 በመቶ ወለድ ያገኛል እንበል፤ ወለዱም ሳይነካ ዋናው ላይ ይደመራል። ገንዘቡ በስንት ዓመት እጥፍ ይሆናል? ብሩ በየዓመቱ በ1.07 ስለሚባዛ፣ ጥያቄው 1.07 በራሱ ስንት ጊዜ ቢባዛ 2 ይሆናል የሚል ነው። መልሱ ሎጋሪዝም ይባላል፤ 1.07 ደግሞ መሠረቱ ነው።

ካልኩሌተሩን ስናነሳ ግን ያሉት የሎጋሪዝም ቁልፎች ሁለት ብቻ ሆነው እናገኛለን። `log` የሚለው መሠረቱ 10 ነው፤ የ`ln` መሠረት ደግሞ e፣ 2.718 ገደማ የሆነው ቁጥር ነው። የ1.07 ቁልፍ የለም። ቢኖርማ የ1.08ም የ1.09ም ይምጣ እንል ነበር።

መውጫው እንዲህ ነው። የምንፈልገውን የዓመት ብዛት x እንበለው።

```
1.07^x = 2
```

ሁለቱ ወገኖች እኩል ከሆኑ ሎጋሪዝማቸውም እኩል ነው። ሎጋሪዝም ደግሞ ላይ የተሰቀለውን አርቢ አውርዶ ተራ ማባዣ ያደርገዋል፤ የዘዴው ጉልበት በሙሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

```
x · log 1.07 = log 2
x = log 2 ÷ log 1.07
```

ካልኩሌተሩ ለ2 0.30103፣ ለ1.07 ደግሞ 0.0293838 ይሰጣል። ሲካፈል 10.24 ይመጣል። በ`ln` ቢሠሩትም 0.693147 ለ0.0676586 ተካፍሎ ያው 10.24 ነው። ቁልፉ ሲቀየር ሁለቱም ቁጥሮች በአንድ ልክ ስለሚያድጉ ድርሻው አይለወጥም። አንዱን በ`log`፣ ሌላውን በ`ln` ከወሰዱ ግን 4.45 የሚል የተሳሳተ መልስ ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅንፍ ላይ ነው። አንዳንዱ ካልኩሌተር `log` ሲጫኑት ቅንፉን ራሱ ይከፍታል፤ ከ2 በኋላ ሳይዘጉት ካለፉ ማካፈሉ ቅንፉ ውስጥ ገብቶ 1.83 ያገኛሉ። ሌላው ስህተት መሃል ላይ ማጠጋጋት ነው። 0.0293838ን 0.03 ብሎ የጻፈ ሰው 10.03 ላይ ይደርሳል፤ አካፋዩ ትንሽ ቁጥር ሲሆን ጥቂት ማጠጋጋት እንኳ መልሱን ያርቃል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ መስመር ጽፈው መጨረሻ ላይ ብቻ ያጠጋጉ። ጥርጣሬ ካለዎት 1.07ን ባገኙት መልስ ከፍ ያድርጉት፤ 2 አካባቢ ካልመጣ አንድ ነገር ተሳስቷል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ወለዱ የሚታሰበው በዓመቱ መጨረሻ ብቻ ከሆነ 10.24 የሚባል ቀን ባንኩ ዘንድ የለም። በ10ኛው ዓመት ማብቂያ ደብተሩ ላይ የሚገኘው ከወለድ ግብር በፊት 19,671.51 ብር ነው፤ እጥፉ የሚታለፈው በ11ኛው ነው።